የአራተኛው ቀን 0.03

አለቃችን ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችና "ታዲያ ምን እንጠብቃለን? አሸነፈ እኮ!" አለች። ዳሽቦርዱ ላይ የድረ ገጻችን አዲሱ የመመዝገቢያ በተን አረንጓዴ ለብሷል። ከአሮጌው 37 በመቶ የበለጠ ሰው አስመዝግቧል። ከሥሩ ፒ-ቫልዩ 0.03 ይላል፤ በተለምዶ ከ0.05 ሲያንስ ነው አሸናፊ የሚባለው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ሙከራው ከተጀመረ አራተኛ ቀኑ። ልናካሂደው የተስማማነው ግን ለሁለት ሳምንት ነው።

"አሁን አይቆምም" አልኳት። ተከራከርን። ክርክሩ በዚያው ቀን ቢያልቅም አንድ ጥያቄዋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ከረመ። እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ "ያየነው ያው 4,000 ሰው ነው። ከመጀመሪያው ለአራት ቀን ብቻ አቅደን ቢሆን ኖሮ ይሄው 0.03 አሸናፊ ይባል ነበር። ለ14 ቀን ስላቀድን ብቻ እንዴት አይባልም? በተኑ እኛ ያቀድነውን ያውቃል እንዴ?"

ጥያቄው ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ "ቶሎ ማቆም ክልክል ነው" ተብሎ ይታለፋል እንጂ ለምን እንደሆነ አይብራራም። እኔም ደጋግሜ ካሰብኩበት በኋላ ነው ልጽፈው የወሰንኩት።

## ሰኞ ከመጀመሩ በፊት

ድረ ገጻችን የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣበት ነው። ሰው ይመጣል፣ ማስታወቂያ ያያል፣ ከተመዘገበ ደግሞ በሙያው አዲስ ነገር ሲወጣ መልእክት ይደርሰዋል። የመመዝገቢያ በተኑ "ይመዝገቡ" ይል ነበር። ወደ "በነፃ ይጀምሩ" እንቀይረው የሚል ሐሳብ መጣ። ቀለሙም ቦታውም አልተነካም፤ የተቀየረው ጽሑፉ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጽሑፉንም ቀለሙንም አንድ ላይ ብትቀይር ውጤቱ የየትኛው እንደሆነ አታውቅም።

ሙከራው ከመከፈቱ በፊት ሦስት ነገር ጽፈን ተስማማን። አንደኛ፣ "ተመዘገበ" የምንለው ማንን ነው? በተኑን የነካውን ሁሉ አይደለም። ስልኩን አስገብቶ፣ በኤስኤምኤስ የመጣለትን ኮድ ሞልቶ የጨረሰውን ነው። "በነፃ ይጀምሩ" የሚል ጽሑፍ ብዙ ጣት ሊስብ ይችላል። ሰውየው ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ጥሎ ከሄደ ግን ያ ንክኪ ለእኛ ምንም አይጠቅመንም።

ሁለተኛ፣ የምንቆጥረው ጉብኝት ሳይሆን ሰው ነው። አንድ ሰው ሲመጣ በዕጣ ከሁለቱ በተኖች አንዱ ይደርሰዋል። በተመለሰ ቁጥር ያንኑ እንዲያይ ኩኪ ይቀመጥለታል። ይሄ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው ሊንካችንን የሚያገኘው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም ውስጥ በሚከፈተው ብራውዘር አይቶን ማታ በሌላ ብራውዘር ከተመለሰ ኩኪው አይከተለውም፤ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል፣ ሁለቱንም በተን ሊያይም ይችላል። ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አልቻልንም። ግን ጉዳቱ ለሁለቱም ወገን እኩል ስለሚደርስ አንዱን አያስበልጥም፤ ልዩነቱን በጥቂቱ ያደበዝዘዋል እንጂ።

ሦስተኛው የናሙናው መጠን ነው። ከባዱ እሱ ነበር። ከመቶ ጎብኚ 4ቱ እንደሚመዘገቡ ካለፉት ወራት እናውቃለን። የጠየቅነው ጥያቄ "ቢያንስ ምን ያህል ቢጨምር ነው መቀየሩ የሚያዋጣን?" የሚል ነው። በቀን 1,000 ሰው ገደማ ይመጣል። ከ4 ወደ 5 በመቶ ቢያድግ በቀን 10 ተጨማሪ ተመዝጋቢ ነው። ይሄንን ማግኘት እንፈልጋለን አልን። ከዚያ ሁለት የተለመዱ ምርጫዎች ገቡ። በተኖቹ በእውነት እኩል ሆነው ሳለ "ይለያያሉ" ብለን የመሳሳት ዕድላችን ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የ1 ነጥብ ልዩነት በእውነት ካለ ደግሞ የማየት ዕድላችን 80 በመቶ እንዲሆን። ስሌቱ ይሄ ነው፦

```
n = 7.85 × [p1(1−p1) + p2(1−p2)] ÷ (p2−p1)²
n = 7.85 × [0.04×0.96 + 0.05×0.95] ÷ 0.01² ≈ 6,743
```

7.85 የምትለዋ ቁጥር የምትመጣው ከሁለቱ ምርጫዎች፣ ከ5 በመቶውና ከ80 በመቶው ነው። እንግዲህ ለአንድ በተን 6,743 ሰው፣ ለሁለቱ 13,500 ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። በቀን 1,000 ሰው ለሚመጣበት ገጽ 13 ቀን ተኩል ነው። 14 አልነው። ምክንያቱም ሳምንት መከፈል የለበትም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚገባውና እሁድ ከሰዓት እግረ መንገዱን የሚያየው አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ሁለት ሙሉ ሳምንት ስትወስድ ሁሉም ቀን እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ይገባል።

## ሐሙስ ማታ

የሐሙሱ ቁጥር ይሄ ነበር። አሮጌውን በተን 2,010 ሰው አይቶ 78 ተመዘገበ፤ 3.9 በመቶ። አዲሱን 1,994 ሰው አይቶ 106 ተመዘገበ፤ 5.3 በመቶ። የአለቃዬ ስሜት ይገባኛል። በየቀኑ ግማሹን ሰው ደካማ ወደምትለው በተን መላክ ገንዘብ መጣል ነው የሚመስለው። እንዲያውም ጠንካራው ክርክሯ እሱ ነበር። "አሥር ቀን ሙሉ የሚጠፋውን ተመዝጋቢ ማን ይመልስልናል?" አለችኝ።

እኔ ግን የማክሰኞው ነገር ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ይመራ የነበረው አሮጌው በተን ነው። ያኔ ማንም ላፕቶፕ አላዞረም፣ ማንም ስብሰባ አልጠራም። "ገና ነው፣ ትንሽ እንየው" ተባባልን። ስለዚህ ጠየቅኳት፦ "ማክሰኞ አሮጌው ሲመራ ለምን አላቆምንም?"

ዝም አለች። ከዚያ "ገና ስለነበረ" አለች።

"ዛሬስ?"

ለጥያቄዋ መልሱ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አዎ፣ በተኑ የእኛን እቅድ አያውቅም። ፒ-ቫልዩ ግን ስለ በተኑ ብቻ አይደለም የሚናገረው። 0.03 ማለት "ሁለቱ በተኖች እኩል ቢሆኑና ይሄንን ሙከራ ባልኩት መንገድ ደጋግሜ ባካሂደው፣ ይሄን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት በአጋጣሚ የማየው ከመቶ 3 ጊዜ ነው" ማለት ነው። "ባልኩት መንገድ" የሚለው ውስጥ መቼ እንደምቆምም አለ። ከመጀመሪያው "አራት ቀን ብቻ፣ የመጣው ይምጣ" ብለን ቢሆን 0.03 በእርግጥም 0.03 ነበር። ማክሰኞ ቢመራም ባይመራም፣ ሐሙስ ቢወድቅም ያንኑ እንቀበል ነበርና። እኛ ግን እያደረግን የነበረው ሌላ ነው። በየቀኑ እናያለን፤ ካልተመቸን እንቀጥላለን፤ ሲመቸን እናቆማለን። ሲመራ ብቻ ፊሽካ ማስነፋት የተፈቀደለት ቡድን ጎበዝ ይሁን ሰነፍ ከውጤቱ አይታወቅም።

ይሄ በቃል ብቻ አላሳመናትም። ስለዚህ እዚያው ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ሠራሁ። ሁለቱም በተን ፍጹም እኩል የሆኑበት፣ ሁለቱም 4 በመቶ የሚያስመዘግቡበት የውሸት ሙከራ። እያንዳንዱ በተን በቀን 500 ሰው ያገኛል፣ ለ14 ቀን ይቆያል። ይሄንን 10,000 ጊዜ ደገምኩት።

```python
import numpy as np
rng = np.random.default_rng(1)

def run(days=14, n=500, p=0.04):
    a = rng.binomial(n, p, days).cumsum()
    b = rng.binomial(n, p, days).cumsum()
    N = n * np.arange(1, days + 1)
    m = (a + b) / (2 * N)
    z = abs(a - b) / N / np.sqrt(2 * m * (1 - m) / N)
    return (z > 1.96).any(), z[-1] > 1.96

print(np.mean([run() for _ in range(10000)], axis=0))
```

የሚወጡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሁለተኛው በ14ኛው ቀን ብቻ ብናይ ስንት ጊዜ እንደምንታለል ይነግረናል፤ እሱ እንደተጠበቀው 5 በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያው በየቀኑ እያየን በመጀመሪያው "አሸነፈ" ላይ ብናቆም ስንት ጊዜ እንደምንታለል ነው። እሱ ከ20 በመቶ ይበልጣል። ሁለቱ በተኖች አንድ ናቸው፤ ግን ከአምስት ሙከራ ቢያንስ አንዱ ላይ ዳሽቦርዱ አንዱን አረንጓዴ አድርጎ ያሳየናል።

አለቃዬ ኮዱን ዝቅ ብላ አየችና "እኩል ናቸው አይደል ያልከው?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። እኩል ናቸው አልኳት። ያን ጊዜ ነው ክርክሩ ያበቃው።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። የሕክምና ሙከራ የሚሠሩ የስታቲስቲክስ ሰዎች ከኢንተርኔት በፊት ተጨንቀውበታል። አርሚቴጅና ሁለት ባልደረቦቹ በ1969 ቁጥሩን አስልተው አሳትመዋል። አንድ ጊዜ ስታይ 5 በመቶ የነበረው ስህተት፣ አምስት ጊዜ ስታይ 14.2፣ አሥር ጊዜ ስታይ 19.3፣ ሃያ ጊዜ ስታይ 24.8 በመቶ ይደርሳል። ዛሬ ግን ዳሽቦርዱ በየደቂቃው ራሱን ያድሳል፤ ስልካችን ላይም ይከፈታል።

## 1.3 የምትባለው በር

ከዚያ ውይይት በኋላ እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አዲሱ በተን በእውነት በትንሹ የተሻለ ቢሆንስ? ያኔ ቶሎ ማቆም ምን ይጎዳል? የተሻለውን ነው የመረጥነው።

ሐሳቡን ቁጥሩ ላይ ላስቀምጠው። በአራተኛው ቀን ለእያንዳንዱ በተን 2,000 ሰው ገደማ ነበረን። በዚህ ብዛት ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው በ0.66 ነጥብ ገደማ ነው። "ሲግኒፊካንት" ለመባል የዚህን ሁለት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 1.3 ነጥብ ማለፍ አለበት። ስለዚህ በዚያ ቀን በበሩ የሚያልፍ ውጤት ሁሉ ቢያንስ 1.3 ነጥብ ይላል። የበተኑ እውነተኛ ብልጫ 0.3 ነጥብ ቢሆንስ? 0.3ን ሆኖ ማለፍ አይችልም። የሚያልፈው በአጋጣሚ ተነፍቶ 1.3 ወይም 1.4 በሆነበት ቀን ብቻ ነው። ቶሎ ያቆመ ሰው የተሻለውን ቢመርጥ እንኳ መጠኑን አጋንኖ ነው የሚያገኘው። ይሄ ዕድለ ቢስነት አይደለም፤ በሩ ራሱ የሚያሳልፈው የተጋነነውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ጉዳቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። "ምዝገባ በ37 በመቶ ያድጋል" ተብሎ የዓመት እቅድ ይሠራል፣ ለኤስኤምኤስ በጀት ይያዛል፣ ለቀጣሪዎች ቃል ይገባል። ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩ ሳያድግ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ የሚፈለገው ሌላ ቦታ ነው። "ማስታወቂያው ተዳክሞ ነው"፣ "ሰርቨሩ ቀርፋፋ ሆኖ ነው"፣ "ጾም ስለሆነ ነው" ይባላል። ያ የሐሙስ ማታ ቁጥር ትዝ የሚለው ሰው የለም።

## ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ

በ14ኛው ቀን ማታ ሙከራው ተዘጋ። መጀመሪያ ያየሁት ማን እንዳሸነፈ አይደለም። ሰው እኩል ተከፍሏል ወይ የሚለውን ነው። አሮጌውን 7,026፣ አዲሱን 6,981 ሰው አይቷል። ለግማሽ በግማሽ ክፍፍል ይሄ የተለመደ መወዛወዝ ነው። 7,200 ለ6,800 ቢሆን ኖሮ ግን የምዝገባውን ቁጥር ጨርሶ አላነበውም ነበር። 14,000 ሰው በዕጣ ተከፍሎ 400 ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚመጣው ከሺህ አንዴ እንኳ አይሆንም። እንዲህ ሲሆን አንድ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው፤ ለምሳሌ አዲሱን በተን የሚያመጣው ስክሪፕት በአሮጌ ስልኮች ላይ ሳይጫን ቀርቶ እነዚያ ሰዎች ከቆጠራው ወጥተዋል። አሮጌ ስልክ የያዘውና አዲስ ስልክ የያዘው ደግሞ እኩል አይመዘገቡም። እንዲህ የተዛባ ሙከራ በስሌት አይታረምም፤ ምክንያቱ ተፈልጎ እንደገና ነው የሚጀመረው።

ከዚያ ወደ ውጤቱ። አሮጌው 288 ሰው አስመዘገበ፤ 4.1 በመቶ። አዲሱ 307፤ 4.4 በመቶ። ልዩነቱ 0.3 ነጥብ፣ ፒ-ቫልዩው 0.38። የሐሙሱ 37 በመቶ ብልጫ ወደ 7 በመቶ ወርዷል፤ እሱም ቢሆን ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ብቻ ከታየ እንዲያውም አሮጌው በጥቂቱ ይበልጥ ነበር።

አንዱ ባልደረባችን "በቃ፣ ምንም ልዩነት የላቸውም ማለት ነዋ" አለ። ይሄም ትክክለኛ ንባብ አይደለም። ከ0.38 ይልቅ የሚጠቅመን የልዩነቱ የግምት ክልል ነው። በ95 በመቶ ደረጃ ሲሰላ ከ0.37 ነጥብ ቅናሽ እስከ 0.97 ነጥብ ጭማሪ ይዘልቃል። ይሄ ሁለት ነገር ይነግረናል። አዲሱ በተን በጥቂቱ ሊጎዳም፣ በመጠኑ ሊጠቅምም ይችላል፤ ያንን አልለየንም። ስንፈልገው የነበረው ሙሉ 1 ነጥብ ግን ከክልሉ ውጭ ነው፤ ያ ጭማሪ አለ ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። ሙከራውን የከፈትነው ለዚህ ጥያቄ ነበር፤ መልስ አግኝተናል።

አለቃዬ "እሺ፣ እንግዲያው ሁለት ሳምንት እንጨምርና ይለይለት" አለች። የሐሙሱ ነገር በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። ስላልተመቸን መጨመርና ስለተመቸን ማቆም አንድ ሥራ ናቸው። በእውነት የግማሽ ነጥብ ልዩነት ማየት ከፈለግን ስሌቱን እንደገና መሥራት አለብን። ከ4 ወደ 4.5 በመቶ ለማየት ለአንድ በተን 25,500 ሰው ይፈልጋል። የምትፈልገው ልዩነት በግማሽ ሲያንስ የሚያስፈልግህ ሰው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ለእኛ ገጽ 51 ቀን ነው፤ ስምንት ሙሉ ሳምንት ልንለው እንችላለን። በዚያ መሀል በዓል ይገባል፣ ኩኪ ይጠፋል፣ ሰው ስልክ ይቀይራል። ለአንድ በተን ጽሑፍ ይሄ አያዋጣም።

## መጠበቅ ለማይችል ሰው

አለቃዬ ያነሳችው የወጪ ክርክር ግን እውነት አለው። መጠበቅ ዋጋ አለው። አዲሱ በተን አንዳንድ ስልክ ላይ ጭራሽ የማይሠራ ቢሆንስ? 14 ቀን ቆሞ ማየት ጅልነት ነው። ስለዚህ እኛ ለጉዳት የሚሆን የተለየ ደንብ አለን። ስህተት ከበዛ፣ ኤስኤምኤሱ ካልደረሰ፣ ምዝገባ በግማሽ ከወረደ ሙከራው በዚያው ሰዓት ይዘጋል። በየቀኑ የምናየውም እሱን ነው። በዚህ ምክንያት የተዘጋ ሙከራ አሸናፊ አያውጅም፤ ተጠግኖ ከዜሮ ይጀመራል።

ለድልም ቢሆን ቀድሞ ማቆም የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ግን ስንት ጊዜ እንደምታይ አስቀድመህ መወሰንና ለእያንዳንዱ ማየት በሩን ማጥበብ አለብህ። ፖኮክ በ1977 ያቀረበው ዘዴ ቀላሉ ነው። በእኩል ርቀት አምስት ጊዜ ለማየት ካቀድክ በየጊዜው የምትፈልገው 0.05 ሳይሆን 0.0158 ነው። ያኔ የጠቅላላው ስህተት 5 በመቶ ላይ ይቆያል። እንዲህ አቅደን ቢሆን የሐሙሱ 0.03 አያልፍም ነበር። ዋጋው ደግሞ በሩ ሲጠብ፣ ቀድሞ ካልቆምክ፣ በመጨረሻው የሚያስፈልግህ ሰው መብዛቱ ነው። እኔ ለትንሽ ገጽ አንድ ጊዜ ማየትን እመርጣለሁ። ደንቡ ሲቀል ለሁሉም ባልደረባ ማስረዳት ይቀላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ቸኩሎ የተቀየረን በተን መልሶ ማንሳት ደግሞ የባሰ ጊዜ ይበላል።

በተኑን በተመለከተ "ይመዝገቡ" የሚለውን እዚያው ተውነው። የሚቀይረው ምክንያት አልተገኘም።

ቀጣዩ ሙከራ ሌላ ነው። ሰው በብዛት ጥሎን የሚሄደው ኮድ ጠብቆ በሚሞላበት ገጽ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ተመዝግቦ ስልኩን ኋላ እንዲያረጋግጥ ልናደርግ ነው። እዚህ ላይ ከ4 ወደ 6 በመቶ ካላደገ ለውጡ አያዋጣንም ተባባልን። ለዚያ ለአንድ ወገን 1,860 ሰው ይበቃል፤ በእኛ ጎብኚ አራት ቀን ገደማ ነው። መለኪያውም ተቀይሯል። የሚቆጠረው በሰባት ቀን ውስጥ ስልኩን ያረጋገጠ ሰው ብቻ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱ መንገድ ባዶ አካውንት በማብዛት ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል። ወረቀቱን በዚህ ጊዜ የጻፈችው አለቃዬ ናት። "አራት ቀን" ከሚለው አጠገብ "ሰኞ ይጀምራል፣ እሁድ ማታ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ሰው ሰባት ቀን እስኪሞላው ማንም ውጤት አይከፍትም" ብላ ጽፋበታለች።